ለመቅደጃ የሚሆን አንድ ቅጂ

ሰርክ ገብረማርያም ወረቀት ሲቀደድ ከሰማች ጥርሷን ይቆረጥማታል። ይህን የምታውቀው የመጋዘን ኃላፊዋ እናኑ አንዳንድ ቀን ከኋላዋ ቀስ ብላ ትመጣና አሮጌ ጋዜጣ ጨርርር አድርጋ ትቀድዳለች።

"ዛሬም አመመሽ?"

"ቀኑን ጻፊበትና ቅደጂው" ትላለች ሰርክ፣ ዘወር እንኳ ሳትል።

ሁለቱ የሚሠሩት ወረታ ከተማ ዳር፣ ሦስት መቶ አርባ አባላት ባሉት የሩዝ አምራቾች ማኅበር ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው የሩዝ መፈልፈያ አለው፣ ሩዝ የሚሰጣበት ሰፊ ሲሚንቶ አለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዘር መጋዘን አለው። በሰኔ ሦስት መቶ አርባ ቤት ማሳው ላይ የሚበትነው ዘር ከታኅሣሥ ጀምሮ የሚያድረው እዚያ ነው። የሚበላ ሩዝ ከገበያ ይገኛል፤ የተመረጠ ዘር ግን ከተበላሸ ከገበያ አይገኝም፤ ቢገኝም አረምና ቅይጥ ነው። ስለዚህ በማኅበሩ ግቢ ውስጥ ስለ ዘሩ ሲወራ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ሕፃን ልጅ እንደተኛበት ክፍል።

ሰርክ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመዝገብ አያያዝ ተምራ ስትመለስ የሰፈሩ ሰው "አራት ዓመት ወረቀት መደርደር ነው የተማርሽው?" ብሎ ስቆባታል። አልተቀየመችም፤ ምክንያቱም መደርደሩን ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያስተማሯት አባቷ ናቸው። የኔታ ገብረማርያም ከፎገራ ሜዳ ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን አርባ ዓመት ተማሪ ያስቆጠሩ ሰው ነበሩ። "ቀን የሌለው ጽሑፍ ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ነው፤ በምን ስም ትጠሪዋለሽ?" ይሏት ነበር። በዚህ ዓመት በታኅሣሥ ዐረፉ። ከመኝታቸው ራስጌ የተገኘው ደብተር ውስጥ የተማሪዎቻቸው ስም፣ የመጡበትና የሄዱበት ቀን በተርታ ተጽፎ ነበር። ከአንዱ ስም አጠገብ ደግሞ እንዲህ የሚል ቃል አገኘች፤ "ዛሬ ያለ ጥፋቱ መታሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።" ሰርክ ደብተሩን ጥቁር ነጠላ ለብሳ ቁጭ ብላ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። እዚያ ገጽ ላይ ስትደርስ ብቻ ዘግታ ወደ ውጭ ወጣች።

እንግዲህ የነገሩ መነሻ ጥበቃው ነው።

ማኅበሩ ግቢውን የሚያስጠብቀው "ንቁ ዘብ" ከሚባል ድርጅት ጋር ተዋውሎ ነበር። የድርጅቱ ባለቤት አቶ የኋላሸት ጡረታ የወጡ አሥር አለቃ፣ ሆዳቸው ቀድሟቸው የሚመጣ፣ ሳቃቸው ደግሞ ከሆዳቸው የሚቀድም ሰው ናቸው። አራት ዘበኞች መደቡ። ውሉ የሁለት ዓመት ነው። ዘጠነኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፤ ዘበኞቹ ሥራቸውን ካጓደሉ ማኅበሩ በጽሑፍ ያስጠነቅቃል፣ ድርጅቱም በዐሥር ቀን ውስጥ ያርማል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ ማኅበሩ የዐሥራ አምስት ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። ሦስት ካልሞላ ግን ውሉ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ይህን አንቀጽ በቃሏ የምታውቀው ሰርክ ብቻ ነበረች።

በጥር አጋማሽ፣ ፀሐይ በደመቀችበት ቀን፣ ሩዙ በሸራ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ተረኛው ዘበኛ ሰውመሆን ጠጕሩን ሊቆረጥ ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ወዳለው ጠጕር ቤት ተሻገረ። በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የሄደው። ከሜዳው ወደ ውኃ የሚወርዱ ዐሥራ አንድ ላሞች በተርታ ገቡ፤ አልተጋፉም፣ አልተጣደፉም፣ እንደ ተጠራ እንግዳ ገብተው ከሸራው ዳር ዳር ቆሙና በሉ። እናኑ ከመጋዘኑ ብቅ ስትል አንዷ ላም አፏን ሞልታ አየቻት።

ሰውመሆን ግማሽ ጠጕሩ ተላጭቶ፣ ግማሹ እንደነበረ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ይዞ እየሮጠ መጣ። በዚያው ቀን በተረኛ መዝገቡ ላይ የጻፈው ግን ይህ ነው፤ "ሰላም ዋለ።"

"ለላሞቹማ ሰላም ነው የዋለው" አለች እናኑ።

ሰርክ የሆነውን በቀንና በሰዓት ጻፈች፤ ማን እንዳየ፣ ስንት ላም እንደገባ፣ ተረኛው የት እንደነበረ። ሊቀመንበሩ አያ ባየህ ፈረሙበት፣ ማኅተም ተመታበት፤ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ፣ ቁጥር ዐሥራ አራት። አንዱ ቅጂ ለድርጅቱ ሄደ፤ አቶ የኋላሸት በመላኪያ መዝገቡ ላይ ተቀብያለሁ ብለው ፈረሙ። ቀሪው ማኅደር ውስጥ ገባ። ሰርክም ለአባቷ አርባ ወደ ገጠር ወጣች።

በአራተኛው ቀን ስትመለስ ማኅደሩ ባዶ ነበር።

"አያ ባየህ፣ ቁጥር ዐሥራ አራት የት ሄደ?"

አያ ባየህ ፎገራ ሜዳ ላይ ስድሳ ዓመት ያረሱ፣ ጠብ የሚባል ነገር ሲያዩ እንደ እሳት ሮጠው የሚያጠፉ ሰው ናቸው። ሳቅ ብለው "ታረቅን" አሉ።

"መታረቁስ ደግ ነው። ደብዳቤውስ?"

"ቀደድኩት። የኋላሸት ሽማግሌ ይዞ፣ አባ ተክለ ማርያምን አስቀድሞ መጣ፣ ይቅር በሉኝ አለ። ይቅር ካልን በኋላ ወረቀቱ ምን ይሠራል? የእሱንም፣ ያንችንም አንድ ላይ አድርጌ ቀደድኩት። የታረቁበት ነገር ሲቀመጥ እንደ እሾህ ነው፣ አንድ ቀን ይወጋል።"

ሰርክ ጥርሷን ቆረጠማት። ብትቆጣ አባት የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ዝም ብትል ደግሞ ዝምታው ማኅደር ውስጥ አይገባም። ጥቂት አሰበችና ወንበር ሳበች።

"እሺ አያ ባየህ። ዕርቁን እንጻፈው።"

"ዕርቅ ደግሞ ይጻፋል?"

"ጋብቻ ይጻፍ የለም? የማንን ይቅርታ ማን እንደተቀበለ፣ ማን መሐል እንደገባ፣ የኋላሸት ምን ቃል እንደገቡ። ሽማግሌዎች ይፈርሙበታል። ያማረ ነገር ነው፤ ለልጅ ልጅ ይቀመጣል።"

ይህ አያ ባየህን ደስ አላቸው። ሕይወታቸውን ሙሉ ሲያስታርቁ ኖረው አንድም ዕርቃቸው ተጽፎ አያውቅም። አባ ተክለ ማርያም ተጠሩ፤ አቶ የኋላሸትም እየሳቁ መጡ። ሰርክ በአንድ ገጽ ጻፈችው፤ በቁጥር ዐሥራ አራት የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ለድርጅቱ መድረሱን፣ ስለ ላሞቹ መግባት የተጻፈ መሆኑን፣ በዕርቅ ምክንያት መቀደዱን፣ አቶ የኋላሸትም "ዳግመኛ ዘበኛዬ በሩን ትቶ ቢሄድ የታረቅሁት ይፍረስ" ብለው ቃል መስጠታቸውን።

"መቅደዴንም ጽፈሻል?" አሉ አያ ባየህ።

"ጽፌያለሁ።"

"ደግ አደረግሽ። ዕርቁ ሙሉ እንደነበረ ያሳያል።"

ሁሉም ፈረሙ። አቶ የኋላሸት ከሁሉም አስበልጠው፣ የመቶ አለቃ የሚያህል ፊርማ ፈረሙ።

በመጋቢት ደግሞ ቁልፉ ጠፋ። ማለት ጠፋ አይባልም፤ የት እንዳለ ይታወቃል። ሰውመሆን የግቢውን በር ከውጭ ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ወይፈን ሊገዛ አንበሳሜ ገበያ ወርዷል። ሩዝ ሊያስፈለፍሉ በአህያና በጋሪ የመጡ ሃያ የሚሆኑ አባላት በር ላይ ፀሐይ ሲበላቸው ዋሉ። ከውስጥ ደግሞ ሰርክና እናኑ ተቆልፎባቸዋል። እናኑ በበሩ ቀዳዳ በኩል "አይዟችሁ፣ ቁልፉ ገበያ ነው፤ ከረከሰ ይገዛል" እያለች ታጽናናለች። ሰርክ ወንበር አምጥታ ከበሩ ስር ተቀመጠችና የአባላቱን ስም በቀዳዳው እየጠየቀች መዘገበች፤ ማን በስንት ሰዓት እንደደረሰ። አንዲት ሴትዮ "ልጄ፣ ይኸ ደግሞ ለምንድን ነው?" አሏት።

"እማኝ እንዲሆኑ ነው፣ እትዬ።"

"እማኝነቱን እንኳ ጥላ ስር ብታደርጊው።"

ሰውመሆን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ወይፈኑን እየነዳ መጣ። መዝገቡ ላይ "ሰላም ዋለ" ብሎ ጻፈ።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ወጣ፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ። ሰርክ በዚህ ጊዜ በሦስት ቅጂ አዘጋጀችው። አያ ባየህ ሲፈርሙ ሦስተኛዋን አንሥተው "ይህችስ ለማን ናት?" አሉ።

"ለመቅደጃ።"

አያ ባየህ ብዕሩን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩዋት። ቀጥለው ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። "አንችማ አባትሽን ነሽ" አሉ። ሰርክ ወረቀቱን አስተካከለች፤ ቶሎ ቀና አላለችም።

እንደተፈራውም፣ ወይም እንደታሰበውም፣ በሳምንቱ አቶ የኋላሸት ሽማግሌ ይዘው መጡ፤ አያ ባየህም ለዕርቁ ክብር ሦስተኛዋን ቅጂ በሰው ፊት ቀደዱ። ዕርቁ ተጻፈ፣ ተፈረመ። ሰውመሆንን ወደ ሌላ ቦታ እንደሚያዛውሩት አቶ የኋላሸት ቃል ገቡ፤ ይህም አብሮ ተጻፈ። አላዛወሩትም።

አንድ ነገር መረሳት የለበትም። ከአራቱ ዘበኞች አንዱ ቢሻው ይባላል። ዝምተኛ፣ ረጅም፣ ነጭ ጢም ያለው ሰው ነው። በእሱ ተራ መዝገቡ እንዲህ ይነበባል፤ "የኋላው አጥር ሽቦ ላልቷል፤ ተናግሬያለሁ።" "የመጋዘኑ በር መብራት ጠፍቷል፤ ተናግሬያለሁ።" ሰርክ የቢሻውንም ቃል መዘገበች። መብራቱ የማኅበሩ ጥፋት ስለሆነ የጠየቀበትን ቀን ጻፈች፤ አምፖሉ የተቀየረው በስድስተኛው ቀን ስለሆነ ስድስት ቀን መዘግየቱን ጻፈች።

"በገዛ እጅሽ እኛን ትከሻለሽ?" አለቻት እናኑ።

"ጥፋቱ የኛ ነው" አለች ሰርክ።

ሦስተኛው ነገር የሚያስቅ አልነበረም፤ ቢያንስ በመጀመሪያው ቀን አልነበረም። ሚያዝያ ላይ እናኑ የዘሩን ጆንያዎች ንፋስ እንዲያገኛቸው ወደ በረንዳ አስወጣች። ደመና ከጣና በኩል ሳይታሰብ መጣ። ለዝናብ ጊዜ የሚሆን ሸራ በረንዳው ጥግ ይቀመጣል፤ የተረኛው ሥራ ማልበስ ነው። እናኑ ከመፈልፈያው እየሮጠች ስትደርስ ውኃው በጆንያዎቹ ላይ እየወረደ ነው፤ ሸራው ግን የለም። ፈለገችው። ከበረንዳው ማዶ፣ ግድግዳው ጥግ፣ ሸራው ተኮራምቶ ተኝቷል። ገልጣ ስታይ ሰውመሆን ከውስጡ ነው፤ ደረቅ፣ ሞቆት፣ እያንኮራፋ።

ዐሥራ ስምንት ጆንያ ዘር ራሰ። ዐሥራ አንዱን ዘርግተው አደረቁት። ሰባቱ ግን በሦስተኛው ቀን ጆንያው ውስጥ በቀለ፤ እናኑ አፉን ስትፈታው አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ብቅ ብሎ አየች። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሰባት ጆንያ የአንድ ሰፈር ሰው ዘር ነው።

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ወጣ፣ ቁጥር አርባ አራት። ዐሥር ቀን ተሰጠ። በዐሥሩ ቀን ውስጥ ሰውመሆን አልተቀየረም፤ እንዲያውም ከነወይፈኑ ግቢው ውስጥ ማደር ጀመረ። በግንቦት መጀመሪያ የሥራ አመራር ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሁሉም አባል ተናገረ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ከግንቦት አራት ጀምሮ በሚታሰብ የዐሥራ አምስት ቀን ማስታወቂያ ውሉ እንዲቋረጥ ተወሰነ። የቀረው ዘር ለአባላት የሚከፋፈለው በግንቦት መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ዘበኛ ካልተቀየረ ማን ደፍሮ መጋዘኑን ይከፍታል? አያ ባየህ ግን ከመፈረማቸው በፊት ብዕሩን አስቀመጡ።

"ሰርክ፣ ሁለት ጊዜ ይቅር ብያለሁ፤ አሁን ያን ነገር ላነሣ ነው? የታረቀ ነገር አይነሣም።"

"ዘሩስ አያ ባየህ?"

አያ ባየህ ወደ መጋዘኑ አዩ፤ ፈረሙ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሰላም ሲላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ መለሱ።

ደብዳቤው በደረሳቸው በማግስቱ አቶ የኋላሸት መጡ፤ ከአባ ተክለ ማርያም ጋር ሦስት ሽማግሌዎች ይዘው፣ ሰውመሆንንም አስከትለው። መፈልፈያው አጠገብ ባለችው ጥላ ስር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በዚህ ቀን አልሳቁም።

"እኔ የምለው ሦስት ነገር ነው" አሉ አቶ የኋላሸት። "አንደኛ፣ በውሉ መሠረት ሦስት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። የት አለ ማስጠንቀቂያው? ሁለቱን አያ ባየህ በገዛ እጃቸው፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ቀደዋቸዋል። ሁለተኛ፣ ታርቀናል። በዕርቅ ያለቀ ነገር ማንሣት በአገራችን ነውር ነው፣ አባታችን እዚህ አሉ፣ ይንገሩን። ሦስተኛ፣ የእናንተስ መብራት መቼ ሠራ? በጨለማ የሚጠብቅ ሰው ምን ያያል?"

አያ ባየህ አንገታቸውን ደፉ። ከትከሻቸው ላይ ጋቢውን አስተካከሉ፣ ደግመው አስተካከሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሰርክ ገባችና ማኅደሩን ይዛ ተመለሰች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ከፊት ለፊቷ ያሉት ሁሉ አባት የሚሆኑ ናቸው።

"ከመጨረሻው ልጀምር" አለች። "መብራቱ በመጋቢት ጠፍቶ ነበር፤ ቢሻው አመልክቷል፤ በስድስተኛው ቀን ተቀይሯል። ስድስት ቀን መዘግየታችን ጥፋታችን ነው፤ ተጽፏል። ግን ላሞቹ የገቡት በቀን ነው፣ ቁልፉም አንበሳሜ የዋለው በቀን ነው፣ ዝናቡም የመጣው በቀን ነው።"

"ሰውየው ሸራ ውስጥ ስለነበር ለእሱ ጨለማ ነው" አለች እናኑ ከኋላ።

አንዱ ሽማግሌ ሳል መጣበት፤ ሳል አይመስልም ነበር።

ሰርክ ቀጠለች። "ሁለተኛውና ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ እነሆ። የተቀደደችው ለመቅደጃ የተዘጋጀች ቅጂ ናት፤ አያ ባየህም ያውቃሉ። አቶ የኋላሸት የተቀበሉበት ፊርማም መላኪያ መዝገቡ ላይ አለ።"

አቶ የኋላሸት ወረቀቶቹን አገላበጡ። "የመጀመሪያውስ? እሱ እንኳ ከነቀሪው ተቀዷል። ሁለት ብቻ ነው ያላችሁ።"

"እውነት ነው፣ እሱ ተቀዷል" አለች። "የተቀደደበትን ቀን ግን ጽፈናል።" አንድ ገጽ አወጣች። "ይህ የዕርቁ ጽሑፍ ነው። ቁጥር ዐሥራ አራት ማስጠንቀቂያ እንደደረሰዎት፣ ስለ ምን እንደተጻፈ፣ ለምን እንደተቀደደ ይናገራል። ይህችም የእርስዎ ፊርማ ናት።"

ፊርማዋ ትልቅ ስለሆነች ማንም አልተቸገረም።

አቶ የኋላሸት ፊርማቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። "እንዴት አድርጌ ነው ያሳመርኳት" አሉ ለራሳቸው።

"ቢሆንም" አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ "የዕርቁን ነገር ማንሣት..."

አባ ተክለ ማርያም መቋሚያቸውን መሬት ላይ ነካ አደረጉ። "ልጄ፣ የዕርቁን ቃል አንብቢው። እኔም መስክሬበት ነበር፤ እርጅና ግን ይረሳል።"

ሰርክ አነበበች። "'ዳግመኛ ዘበኛዬ በሩን ትቶ ቢሄድ የታረቅሁት ይፍረስ።' ይህ በጥር ነው። በመጋቢት ደግሞ፣ 'ሰውመሆንን አነሣዋለሁ፤ ካላነሣሁት ቃሌ አይቆጠርልኝ።'"

"የማን ቃል ነው?" አሉ አባ።

"የአቶ የኋላሸት።"

"የኋላሸት፣ ሰውመሆን ተነሥቷል?"

አቶ የኋላሸት ወደ ኋላ ዞረው ሰውመሆንን አዩት። ሰውመሆን ቆሟል።

"እንደሚታየው..." አሉ።

"እንግዲህ" አሉ አባ ተክለ ማርያም፣ "ያን ቀን ባየህ የቀደደው ቂሙን ነው። ቃሉን አልቀደደውም። ቂም ማንም አላነሣ፤ የተጠየቀው ቃል ነው። ቃል ሰጥቶ ያላደረሰ ሰው ዕርቁን ራሱ አፈረሰው እንጂ ባየህ አላፈረሰውም።" ወደ አያ ባየህ ዞሩ። "ቀና በል እንጂ። ይቅር ያልህ አንተ፤ ምን ያሳፍርሃል?"

አያ ባየህ ቀና አሉ። ያን ጊዜ ነው ሰርክ ለሁለት ቀን ትከሻቸው ላይ የነበረው ነገር ሲወርድ ያየችው።

ነገሩ እዚህ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ ሰውመሆን ግን ዝም አላለም። "መዝገቡ ይታይልኝ! እኔ አንድ ቀን እንኳ ችግር አልጻፍኩም!" አለ።

"ይታይለት" አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

ሰርክ የተረኛ መዝገቡን ከዘበኞቹ ማረፊያ አስመጣች። እሷም ለብዙ ቀን አልከፈተችውም ነበር። ገለጠች፤ ቆም አለች፤ ገጹን ለአቶ የኋላሸት አዞረችላቸው።

"ዛሬ ስንት ነው፣ አቶ የኋላሸት?"

"ግንቦት አምስት።"

"ሰውመሆን እስከ ግንቦት ዐሥራ አንድ ድረስ ሰላም መዋሉን ጽፎ ጨርሷል። ከነፊርማው።"

አቶ የኋላሸት ጣታቸውን በመስመሮቹ ላይ አወረዱ። ግንቦት ስድስት፣ ሰላም ዋለ። ግንቦት ሰባት፣ ሰላም ዋለ። ግንቦት ስምንት፣ ሰላም ዋለ። መጀመሪያ ሆዳቸው ተነቃነቀ፣ ከዚያ ያ የታወቀው ሳቅ መጣ።

"ይህ ልጅ ነቢይ ሆኖ ሳለ እኔ በዘበኝነት አኖርኩት!" አሉ። "ሰውመሆን፣ እስቲ ሐምሌ እንዴት እንደሚውል ንገረን፤ ጎርፍ ይኖራል?"

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሳቁ፤ አባ ተክለ ማርያም ጥምጥማቸውን ያዙ። ሰውመሆን እንኳ ሳይወድ ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። አቶ የኋላሸት ማስታወቂያው በደንቡ እንደደረሳቸው በጽሑፍ አረጋገጡ፤ በዚህ ጊዜ ፊርማቸውን ትንሽ አድርገው ፈረሙ። ለዐሥራ አምስቱ ቀን ሰውመሆን ተነሥቶ ቢሻው በቀን ተራ እንዲተካ ተስማሙ፤ ይህንንም ሰርክ ጻፈችው።

ግንቦት ዐሥራ ዘጠኝ አባ ተክለ ማርያምና ሽማግሌዎቹ ባሉበት ርክክቡ ተደረገ። ቁልፎች ስድስት፣ ባትሪ ሦስት፣ ዱላ አራት፣ የተረኛ መዝገብ አንድ፣ እየተቆጠረ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ሸራው ሲመጣ እናኑ ገለጥ አድርጋ ውስጡን አየች። "ማንም የለም፤ ተረክቤያለሁ" አለች።

ማኅበሩ ከዚህ በኋላ ዘበኞቹን በራሱ ለመቅጠር ወስኖ ነበር፤ ማስታወቂያ ሲወጣ ቢሻውም አመለከተ። ኮሚቴው የሥራ ማስረጃ ሲጠይቀው ባዶ እጁን ነበር። ሰርክ ከማኅደሩ ዘጠኝ መስመር ገልብጣ ሰጠችው፤ አጥሩ፣ መብራቱ፣ የላላው መቆለፊያ፣ ሁሉም ከነቀኑ። ቢሻው ወረቀቱን አየና "ይህን ሁሉ የሚያነብ ሰው ነበር?" አለ። ተቀጠረ።

ርክክቡ ባለቀበት በዚያው ቀን አቶ የኋላሸት ባርኔጣቸውን አወለቁ። "አያ ባየህ፣ ውሉ ፈረሰ፤ እኛስ?"

"እኛማ ምን ሆንን?" አሉ አያ ባየህ። ተሳሳሙ። አባ መረቁ። አያ ባየህም ከልማድ የተነሣ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የማቋረጫ ደብዳቤ ዘረጉ።

"አያ ባየህ!" አሉ እናኑ፣ ሽማግሌዎቹና አቶ የኋላሸት ባንድ ላይ።

ሰርክ ግን አልተደናገጠችም። ከማኅደሩ ሥር አንዲት ቅጂ መዝዛ ሰጠቻቸው። አያ ባየህ ተቀብለው በሰው ሁሉ ፊት፣ ረጅም አድርገው፣ ከላይ እስከ ታች ቀደዱ። ሰርክ ጥርሷን ቆረጠማት፤ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ታኅሣሥ ካለፈ ጀምሮ እንዲያ ስትስቅ እናኑ ያየቻት ያን ቀን ነው።

በግንቦት መጨረሻ ዘሩ ተከፋፈለ። አህያው፣ ጋሪው፣ ባጃጁ በር ላይ ተሰለፈ፤ በሩ ተከፍቶ ጠበቃቸው። ዘራቸው ለበቀለባቸው ቤቶች ከሌሎቹ ድርሻ ተቀንሶ ተሰጣቸው፤ ማንም አላጉረመረመም፤ ያጉረመረመ ቢኖርም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሰርክ እንደ ልማዷ የተረኛ መዝገቡን ከፈተች። ቢሻው በማኅበሩ ዘበኝነት የጻፈው የመጀመሪያ ገጽ ነው። ፊደሉ ደቃቅ፣ መስመሩን የያዘ ነው፤

"ከቀኑ በሰባት ሰዓት አንዲት ጥጃ ገብታ ነበር። ምንም ሳትበላ አስወጥቻታለሁ። ባለጋሪዎችን ስሸኝ በሩን ዘግይቼ ዘጋሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሰርክ ደግማ አነበበችው። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ መልሳም አወረደችው። ከዚያ ብዕር አነሣችና ከሥሩ ቀኑን ጻፈች፤ "አይቻለሁ" ብላ ፈረመች።